ያቺን 20 ፐርሰንት አትንኳት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ፣ ከተመረቀች ሁለት አመቷ ነው። አሸዋማ ቦታ ላይ 3 ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ መሬት ውስጥ በሚመታ የብረት ሉህ፣ በሺት ፓይል፣ ደግፈው ሊቆፍሩ ነው። «ጋሼ፣ ሂሳቡ ከጉድጓዱ ወለል በታች 2.8 ሜትር ይግባ ይለኛል፣ ከዛ ደግሞ 20 ፐርሰንት ጨምሪ ይላል። ኮንትራክተሩ ያለው 6 ሜትር ሺት ነው፣ 3 ሜትር ከገባ ከሚፈለገው በላይ ነው፣ ሀያ ፐርሰንቷ ለሴፍቲ ብቻ ናት እያለኝ ነው። ምን ልበለው?»

ሳነበው ሆዴ ተላወሰ፣ ምክንያቱም ይሄንኑ ቃል እኔ ራሴ ብዬዋለሁ።

2007 ላይ ኤምሬትስ፣ አል አይን ነበርኩ። ለፓምፕ ቤት 4 ሜትር ጉድጓድ ነው የምንቆፍረው፣ አፈሩ ደረቅ አሸዋ፣ በምንወርድበት ጥልቀት ሁሉ ውሃ የለም። ግድግዳው ካንቲሊቨር ነው፣ ማለትም ከኋላ ከተቀበረ ብሎክ ጋር በዘንግ የሚያስረው አንከርም ሌላ ድጋፍም ከላይ የለውም፣ የቆመው መሬት ውስጥ በገባው እግሩ ብቻ ነው። የአሸዋውን የውስጥ ሰበቃ አንግል 30 ዲግሪ ብለን ስንይዘው ከኋላ የሚገፋው (አክቲቩ) Ka = 1/3፣ ከፊት የሚመክተው (ፓሲቩ) Kp = 3 ይሆናል፣ የሁለቱንም ሞመንት፣ ማለትም የማዞር ጉልበታቸውን፣ ከታች ጫፉ ዙሪያ ስታስተካክሉ ይቺ ትወጣለች፦

D = H / ((Kp/Ka)^(1/3) − 1)

H ጉድጓዱ ነው፣ D የገባው እግር። ለ4 ሜትር 3.7 ትሰጣለች፣ 20 ፐርሰንት ሲጨመር 4.4፣ ጠቅላላ 8.4 ሜትር። ግቢው ውስጥ ተደርድሮ ያለው ሺት 8 ሜትር ነው። ሌላ ለማዘዝ ሶስት ሳምንት ይፈጃል። ያኔ «4 ሜትር ከገባ ከ3.7 ይበልጣል፣ ቀሪው ሴፍቲ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ስህተቴ ምኑ ላይ እንደሆነ ልንገራችሁ። የአጥር እንጨት ተክላችሁ ጫፉን ስትገፉት ላዩ ወደፊት ይሄዳል፣ መሬት ውስጥ ያለው ጭራው ግን ወደኋላ ይመታል አይደል? ሺት ፓይልም እንደዛው ነው። ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ አንድ የሚዞርበት ነጥብ አለ፣ ከዛ ነጥብ በላይ የሚመክተው የፊቱ አፈር ነው፣ ከነጥቡ በታች ግን ይገለበጥና ከኋላ ያለው አፈር ነው የሚመክተው። ቀላሉ ሂሳብ ይሄን የተገለበጠ ግፊት በሙሉ ጨምቆ ጫፉ ላይ አንድ ሀይል አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ሞመንት የምንይዘው እዛው ነጥብ ላይ ስለሆነ ደግሞ ሀይሉ ከሂሳቡ ይጠፋል። በእውነት ግን ያ ሀይል አንድ ነጥብ ላይ አይቀመጥም፣ አፈሩ እንዲይዘው ርዝመት ይፈልጋል፣ ያቺ 20 ፐርሰንት ያቺ ርዝመት ናት። ግድግዳው እንዲቆም የሚያስፈልገው አካሉ ናት፣ ትርፍ አይደለችም! ሴፍቲ ከፈለጋችሁ Kp ን መጀመሪያ በ1.5 አካፍሉና 2 አድርጋችሁ ስሩት፣ 20 ፐርሰንቱን ከዛ በኋላ ጨምሩበት። እኔ ያንንም አላደረግኩም።

ግድግዳው እንደዛም ሆኖ አስር ቀን ቆመ። በአስራ አንደኛው ቀን ፎርማኑ ስልክ ደወለ፣ የድሬኔጅ ቱቦ የሚያልፍበት ቦይ ግድግዳው ስር መቆፈር አለበት፣ 60 ሳንቲ ብቻ። እኔ ሌላ ሳይት ላይ ነኝ። «60 ሳንቲ? እሺ ቀጥሉ» አልኩት። ወረቀት አላወጣሁ፣ ካልኩሌተር አልነካሁ።

60 ሳንቲ ስትቆፍሩ ጉድጓዱ 4.6 ይሆናል፣ እግሩ ደግሞ 3.4፣ አንዷ አካፋ በሁለት በኩል ነው የምትበላው። ከፊት የሚመክተው ሞመንት ደግሞ ከD ኪዩብ ጋር ነው የሚሄደው። እግሩ ያጠረው 15 ፐርሰንት ነው፣ የጠፋው ምክት ግን 39 ፐርሰንት ገደማ ነው። ቁጥሩን በኋላ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ሰራሁት፣ ምክቱን ለግፊቱ ሳካፍለው ከ1.12 ወደ 0.69 ወርዷል። ሙሉ በሙሉ ያልተደረመሰው ቦዩ ሲቆፈር በአጭር በአጭሩ ስለነበረና ግራና ቀኝ ያሉት ሺቶች ተጋግዘው ስለያዙት ነው።

ከሰአት ላይ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት አስፋልቱን ነው። ከግድግዳው ሁለት እርምጃ ርቆ፣ ከግድግዳው ጋር ትይዩ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ጠዋት ፎርማኑ በእስክሪብቶ ዳርና ዳሯን ምልክት አድርጎባት ነበር (ጎበዝ ሰው ነበር፣ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ስኬች እየሳለ ነበር ሰራተኞቹን የሚያስረዳቸው፣ ከብዙ ኢንጂነር ይሻላል)። እኔ ስደርስ ምልክቶቹ መሀል ጣቴ ይገባል። ከሺቶቹ መጋጠሚያ አሸዋ በቀጭኑ እየፈሰሰ ነው። ውጡ ብዬ ስጮህ ሁለቱ ወጡ፣ ሶስተኛው ቱቦውን እያስተካከለ ነበርና ግድግዳው ሲገፋው እግሩ ቱቦውና ግድግዳው መሀል ተያዘ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰበረ። በህይወት አለ፣ ግን ያንን ስራ ድጋሚ አልሰራም። እኔን አንድም ሰው አልከሰሰኝም፣ እሱ ራሱ ነው የሚከብደኝ።

ቦዩን ወዲያው በአሸዋ ሞልተን ከላይ 1 ሜትር ዝቅ ብሎ አንድ ረድፍ አንከር አሰርን። ግድግዳው ከላይ ሲያዝ ታሪኩ ይቀየራል፣ ሞመንት የምትይዙት አንከሩ ላይ ነው፣ ጭራው መገልበጥ አይጠበቅበትም፣ ለዛው ጉድጓድና ለዛው አሸዋ የሚያስፈልገው እግር 1.5 ሜትር ገደማ ነው፣ Kp ን በ1.5 ካካፈላችሁት እንኳ 2 ሜትር ከትንሽ። አንከሩ የሚይዘው በሜትር 3 ቶን ገደማ ብቻ ነው። ይሄን ስታዩ ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አላሰርኩትም ትላላችሁ፣ እኔም እላለሁ። ግን አንከርን እንደ መድሀኒት አትቁጠሩት። ከኋላ የምትቀብሩት ኮንክሪት ብሎክ ግድግዳውን ከሚገፋው የአፈር ቁራጭ ውጪ መሆን አለበት፣ ለኛ 8 ሜትር ሺት ያ ቁራጭ ላይኛው መሬት ላይ 4.6 ሜትር ወደኋላ ይሄዳል፣ ብሎኩ ከፊቱ የሚመካበት አፈር ደግሞ ሌላ 2.6 ሜትር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከ7 ሜትር በላይ ራቅን። አጥር ቅርብ ነው ብለው 4 ሜትር ላይ የሚቀብሩ አይቻለሁ፣ እሱ ማለት ግድግዳውን ከሚወድቀው አፈር ጋር ማሰር ነው። አንዱ ዘንግ ከተበጠሰ ደግሞ ጭነቱ ጎረቤቱ ላይ ነው የሚያርፈው።

የዛሬ ልጆች ሶፍትዌሩን አስገብታችሁ ቀይ አረንጓዴ ታያላችሁ፣ የግፊቱን ሶስት ማዕዘን በእጃችሁ ስላችሁ የምታዩት ጥቂቶች ናችሁ፣ ያናድደኛል። እኔ ግን በእጄ ስዬ፣ በእጄ ሰርቼ ነው ያንን የፈረምኩት፣ ስለዚህ ብዙ መናገር አልችልም።

ልጅቷን እንዲህ አልኳት። ማንም ሰው ከተባለው በላይ እንደሚቆፍር ከመጀመሪያው አስቢ፣ የአውሮፓው የአፈር ስራ ዲዛይን ደንብ ዩሮኮድ 7 ለካንቲሊቨር ከከፍታው 10 ፐርሰንት፣ ቢበዛ ግማሽ ሜትር ጨምሪ የሚለው ለዚህ ነው። ያንቺ 3 ሜትር 3.3 ሆነ ማለት ነው፣ እግሩ ከነ20 ፐርሰንቱ 3.7 ይመጣል፣ ድምሩ 7 ሜትር ሺት ነው፣ Kp ን ካካፈልሽው ደግሞ ከ8 ያልፋል። ባለ 6 ሜትሩን ይመልስ፣ ካልሆነ አንከር ይሰር። ክረምት ሳይገባ ካላለቀ ደግሞ ሂሳቡን ከስር አንስተሽ ስሪው፣ ከኋላ ውሃ እስከላይ ከሞላ 3 ሜትር ላይ ደረቁ አሸዋ 18 ኪሎፓስካል የሚገፋው ወደ 40 ይደርሳል።

ከዛ ቀን በኋላ በሰራሁባቸው ሳይቶች ሁሉ ቁፋሮው ሲጀመር በየሺቱ ፊት ላይ የወለሉን ልክ በቀይ ቀለም አስቀባ ነበር፣ መቆፈር የሚቆምበትን። ቀለሙ ታች ላይ ጭቃ ይሸፍነዋል፣ ጠዋት ጠዋት እየወረድኩ በጫማዬ እጠርገው ነበር።