ኦረምንና ሮይን ለምታነጻጽሩ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት የነርሲንግ ማስተርስ ተማሪ «ጋሼ፣ ከኦረምና ከሮይ የማንኛዋ ቲዎሪ ይሻላል?» ብላ ወረቀቷን ሰጠችኝ። ሰንጠረዥ ነው፤ በአንድ በኩል ዶሮቲያ ኦረም፣ በሌላው ካሊስታ ሮይ፣ ከሥር ሰው፣ አካባቢ፣ ጤና፣ ነርሲንግ። ስህተት የለበትም፤ ታካሚም የለበትም። የዛሬ ልጆች ሰንጠረዥ ሲያምር ሥራው ያለቀ ይመስላችኋል።

እኔን ግን አንድ ሸማኔ ትዝ አለኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በስኳር በሽታ ቀኝ እግሩ ከጉልበት በታች ተቆርጦ ነበር። ኢንሱሊን አወሳሰድ ተማረ፤ መጠኑን በሲሪንጅ ስቦ፣ ሆዱ ላይ ወግቶ አሳየን። ከእኛ ጎበዝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስኳሩ ከ400 በላይ ሆኖ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ተመለሰ። መድኃኒቱ እቤት ነበረ፤ አልተወጋም። ካርዱ ላይ «ትምህርት ተሰጥቷል» ተብሎ እንደገና ተጻፈ፤ ያኔ የምናውቀው መልስ እሱ ብቻ ነበር። ሚስቱ ስታስታምመው «ከጉድጓዱ ከወጣ ወዲህ አይናገርም» አለችኝ። የሽመናው ጉድጓድ ማለቷ ነው፤ ድሩን የሚከፍተው በሁለት እግር እየተረገጠ ነው። አሁን ልጁ ቦታውን ይዟል።

እንግዲህ ሁለቱን እዚህ ሰው ላይ አምጧቸው። ኦረም የምትጠይቀው ሕመሙ የሚፈልገውን እንክብካቤ ከሰውየው አቅም ጋር አመዛዝናችሁ ጉድለቱን እንድታገኙ ነው። ከዚያ ነርሷ ሁሉን ትሠራለታለች፣ ወይ ታግዘዋለች፣ ወይ ታስተምረዋለች። እኛ አቅምን እውቀትና እጅ ብቻ አድርገን ብንመዝነው ጉድለት አይገኝም። ለእሷ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ፈቃደኝነትንም ከአቅም ትቆጥራለች፤ ግን ፈቃዱ ለምን እንደጠፋ ለማወቅ ሮይ ትቀርባለች። በእሷ አካሄድ ዋናው ገፊ ምክንያት የእግሩ መቆረጥ ነው፤ በዙሪያው የሽመናው መቋረጥና የገቢው ማነስ አሉ። ምላሹን በአራት መንገድ ታያላችሁ፦ በአካሉ፣ ስለ ራሱ ባለው ግምት፣ በቤቱ ባለው ድርሻ፣ ከሰው ጋር ባለው መደጋገፍ። የእሱ የተሰበረው ድርሻው ላይ ነው። ስለዚህ ሥራችን ከመርፌው በፊት ተቀምጦ የሚሠራውን፣ ለምሳሌ ማግ በቀሰም ማጠንጠኑን፣ ከልጁ ጋር ማመቻቸት ይሆን ነበር።

ታዲያ ሮይ ትሻላለች አልኩ? ወደ ቤት የሚሄድ ታካሚ ሲኖረኝ አሁንም የማነሳው ኦረምን ነው። ዓይኑ ቢደክም የሲሪንጁን መስመር ማን ያነብለታል? ለዚህ የሮይ አራት መንገዶች ቶሎ አይደርሱም። ወረቀታችሁ ላይ «ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው» ብላችሁ ከምትዘጉት፣ አንዱ ታካሚ ላይ የትኛዋ ምን እንዳሳየቻችሁና የትኛዋ የት ላይ እንደቆመች ጻፉ። ማጣቀሻ አጻጻፉን መምህራችሁ ይነግራችኋል።