«ማስተካከያ» ወይስ «እርማት»?

ጥያቄ፦ «የሐሙስ ስብሰባ 9 ሰዓት ነው ብዬ ለባልደረቦቼ ኢሜይል ላክሁ፤ ለካ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። 'በሰዓቱ ላይ ስህተት ስለተፈጠረ ማስተካከያ ልኬያለሁ' ብል ያስኬዳል? ከደብረ ማርቆስ።»

መልስ፦ እኔ አልጽፈውም። «አስተካከለ» የ«እኩል» ዘመድ ነው፤ የተዛነፈን ማቃናት፣ ሰዓት ማዛወርም ማስተካከል ይባላል። ስለዚህ አንባቢዎ ስብሰባው ተዛወረ ብሎ ያስባል። የእርስዎ ስብሰባ ግን የትም አልሄደም፣ ከመጀመሪያውም 3 ሰዓት ነበር።

ቃሉ «እርማት» ነው። በነሐሴ ጭቃ ተንበርክኮ ጤፍ ያረመ የጎጃም ልጅ ይገባዋል። ሣሩ ገና ቡቃያ ሳለ ከጤፉ ጋር ይመሳሰላል፤ በጣት ለይቶ ከነሥሩ መንቀል ነው እንጂ ጫፉን ብቻ ቢቀነጥሱት ተመልሶ ያቆጠቁጣል። አራሚ ጤፉን አይነካም። እዚህም 3 ሰዓት ጤፉ ነው፣ 9 ሰዓት አረሙ። ቢሮዎች ዛሬ ሁሉንም «ማስተካከያ» እያሉ ነው፤ ተለምዷል፣ አልክድም፣ ግን ልዩነቱን ስለሚያጠፋብን ደስ አይለኝም።

«ስህተት ተፈጥሯል» ደግሞ ጨዋ አጻጻፍ ነው፣ «እኔ» ማለት ለሥራ ደብዳቤ አይገባም የሚሉ አሉ። አልስማማም። የግእዙ «ስሕተ» በአማርኛ ሐ ወድቆለት «ሳተ» ሆኗል፦ መንገድ ሳተ፣ ዒላማ ሳተ። ሁልጊዜ የሳተ ሰው አለ። «ተፈጥሯል» ያንን ሰው ይደብቀዋል። ሰዋስዉ ልክ ነው፣ በየማስታወቂያው ስለገባም ስህተት ልለው አልችልም። አንባቢዎ ግን ማን እንደሳተ ካላወቀ የትኛውን ሰዓት እንደሚያምን ይቸገራል። «ተሳስቻለሁ» ይበሉ፤ አንድ ቃል ይበቃል። ኮምፒዩተሩ «9:00 AM» ስላለ ነው ብሎ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «9 ሰዓት ያልሁት 3 ሰዓት ማለቴ ነው» ብለው ቢጀምሩ ስልኩ ላይ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ብቻ ያየ ሰው 9 ሰዓትን እንደገና ይዞ ይሄዳል። ትክክሉ ይቅደም፣ ከነቀኑና ከነ«ጠዋቱ» ሙሉውን ይጻፉት፦

ርዕስ፦ እርማት፦ የሐሙስ ስብሰባ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው

የሐሙስ ስብሰባችን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ትናንት 9 ሰዓት ብዬ ጽፌ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ቦታው ያው ነው።

«ቦታው ያው ነው» የምትለዋን አይተዉአት፤ አንድ ነገር ከታረመ ሌላውም ይጠረጠራል። የመጀመሪያው ኢሜይል ለደረሳቸው ሁሉ፣ አንድም ሰው ሳይቀር ይላኩት።