ሰላም ስንጽፍ ስ ለምን ይቀድማል? ስለ ፍለጋ ጥቆማ ጥያቄና መልስ

የአማርኛ ፍለጋ ሳጥን ላይ ስለምሠራ የምችለውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰዎች የፈለጉት የሚመዘገብበትን ሎግ ሳታጸዱ ወደ ኮዱ አትሂዱ።

ጀማሪው፦ ገና ሁለት ፊደል ስጽፍ ጥቆማው ከየት ይመጣል?

ሰዎች ከዚህ በፊት ጽፈው ከፈለጉት ነው። ጥያቄዎቹ ትራይ በሚባል የፊደል ዛፍ ላይ ፊደል በፊደል ይቀመጣሉ። ሰላም፣ ሰላጣና ሰላሳ እስከ «ሰላ» ድረስ አብረው ሄደው እዚያ ይለያያሉ።

ኮደሩ፦ ስለዚህ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ሰብስቤ በብዛት ብደረድረው በቃ አይደል?

ለ«ሰላጣ አ» ይበቃል። ለ«ሰ» ብቻ ግን ግማሽ ዛፉን ልትዞር ነው፣ ሰውየው ደግሞ ቀጣዩን ፊደል ነክቷል። በየመገንጠያው ላይ ምርጥ 10 ጥያቄዎችን ቀድመህ አስቀምጥ። ሎጉ ሲታደስ እነሱም ይታደሳሉ።

ሄለን፦ ሰላም ስጽፍ መጀመሪያ የ«ስ» ቃላት ይመጡና ወዲያው ይጠፋሉ። ለምን?

ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። በላቲን ድምፅ በሚጻፍ ኪቦርድ s ስትነኪ ስ ይወጣል፣ e ስትጨምሪ ወደ ሰ ይለወጣል። እንግሊዝኛ ላይ የተጻፈ ፊደል ባለበት ይቆያል፤ እዚህ ግን የመጨረሻው ፊደል ገና አልረጋም። ትራዩ ይሄን ስለማያውቅ በስ መንገድ ሄዶ ስልክ፣ ስፖርት ይላል። «ሰል» ላይም ያው ነው፤ ሰልፍ ይመጣል፣ a ስትነኪ ይጠፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመጨረሻው ፊደል ሳድስ ከሆነ የቤተሰቡን መንገዶች ሁሉ ክፈቱ። ዩኒኮድ ላይ ከሰ እስከ ሷ 8 ተከታታይ ቦታ ስለሆነ ስሌቱ አጭር ነው፤ c የመጨረሻው ፊደል የዩኒኮድ ቁጥር ነው፦

```
if (c & 7) == 5:
    first = c & ~7
```

ከ first ጀምሮ ያሉትን 8ቱን ታያላችሁ። የመጨረሻውን ፊደል ብቻ! መሀል ያለው ሳድስ ረግቷል፤ እሱንም ከከፈታችሁ የማይገናኝ ቃል ይጎርፋል።

እናት፦ የኔ ስልክ የእህቴን ስም ሁሌ ያበላሸዋል፣ ይሄ ነው ችግሩ?

አይደለም። ያ የኪቦርዱ መዝገበ ቃላት ነው።

ደጉ፦ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሃይ… ሎጉ ውስጥ ሁሉም አለ። የቱ ይታይ?

ለመፈለጊያው ሁሉንም ወደ አንድ አምጣ፣ ቁጥራቸውን ደምር። የሚታየው ሰው አብዝቶ የጻፈው ይሁን።

ቀለሜ፦ ስህተት ነው! ትክክሉ ፀሐይ ነው፣ ብዙ ሰው ተሳሳተ ተብሎ ስህተት አይታይም።

ደጉ፦ ተጠቃሚው ሊፈልግ እንጂ ሊማር አልመጣም።

ቀለሜ፦ ሳጥኑ ያሳየውን ነው ነገ የሚጽፈው።

ቀለሜ ያልከው እውነት አለው፣ ግን ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉት።

ኮደሩ፦ የኔ ጥቆማ አይሠራም፣ ምን ላድርግ?

ምን ጽፈህ ምን መጣ? እሱን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ኮደሩ፦ «የ» ስል ሁሌ ያው አንድ ጥያቄ ነው አንደኛ የሚወጣው።

አሁን ገባኝ። ሎጉን አጽዱ ያልኩት ለዚህ ነው። ከጥቆማው የተነካውን በእጅ ከተጻፈው ጋር እኩል ስትቆጥር አንደኛው አንደኛ ስለሆነ ብቻ ይነካል፣ ስለተነካ ደግሞ አንደኛ ሆኖ ይቀራል። ለየብቻ ቁጠራቸው። አንድ ሰው መቶ ጊዜ የጻፈውንም እንደ አንድ ሰው ቁጠር፤ አለዚያ የአንዱ የግል ስልክ ቁጥር ለሁሉም ይታያል።

ሄለን፦ ሳድሱን ስንከፍት እውነት በስ የሚጀምር ቃል የፈለገውስ? ወደ ታች አይወርድበትም?

ይወርድበታል። እኔ ለስ ቃላት ትንሽ ክብደት እጨምራለሁ፣ ግን ስንት እንደሚበቃ እስካሁን ልኩን አላገኘሁትም። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።