ህብረት ሥራ ነው፣ ለትርፍ ያልቆመ ነው ወይስ ኩባንያ?

ጥያቄ፦ «ለጥናት መረጃ እየሰበሰብኩ ነው። ድርጅቶችን ህብረት ሥራ፣ ለትርፍ ያልቆመ፣ ለትርፍ የቆመ ብዬ መመደብ አለብኝ። ግን ሁሉም ማህበር ነን ይላሉ፣ ሁሉም ይሸጣሉ፣ ሁሉም ቲን ቁጥር አላቸው። በምን ልለያቸው?»

ሰላም እህቴ። ለዓመታት የህብረት ሥራ ማህበራትንና የአገር በቀል ድርጅቶችን ሒሳብ ስመረምር ኖሬያለሁ። ከመዝገብ በኩል ያየሁትን ልንገርሽ።

«ያተርፋል ወይስ አያተርፍም?» የሚለውን ጥያቄ ከመጠይቅሽ አውጪው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅትም ዓመቱ ሲዘጋ ገንዘብ ሊተርፈው ይችላል። ህብረት ሥራ ማህበርም ያተርፋል። ኩባንያ ደግሞ ሊከስር ይችላል፣ ስለከሰረ ግን በጎ አድራጊ አይሆንም። የሚለያቸው የተረፈው ገንዘብ ለማን፣ በምን ስሌት ይሄዳል የሚለው ነው።

የቡና ገበሬዎችን መሠረታዊ ህብረት ሥራ ማህበር እንውሰድ። ማህበሩ ከአባላቱ እሸት ቡና ይገዛል፣ ያዘጋጃል፣ በአብዛኛው እንደሱ ያሉ ማህበራት በጋራ ላቋቋሙት ዩኒየን ያስረክባል። ዓመቱ ሲዘጋ ለመጠባበቂያና ለሌላው የሚቀነሰው ተቀንሶ፣ እንደ አባላቱ ተሳትፎ የሚከፋፈል 100,000 ብር ቀረ እንበል። አባላቱ በዓመቱ ያስረከቡት እሸት በድምሩ 50,000 ኪሎ ከሆነ ለአንድ ኪሎ 2 ብር ይደርሳል። 2,000 ኪሎ ያስረከበ ገበሬ 4,000 ብር ይወስዳል። 500 ኪሎ ያስረከበው 1,000 ብር። ሁለቱ በማህበሩ ውስጥ እኩል የአክሲዮን ዕጣ ቢኖራቸው እንኳ እንዲህ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ግን እጃቸው እኩል ነው፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ።

ያንኑ ቡና የሚያዘጋጅ አክሲዮን ማህበር ቢሆንስ? ያው 100,000 ብር በአክሲዮን ብዛት ይከፈላል። አንድ ኪሎ ቡና ያላስረከበ፣ ቡና ዛፍ አይቶ የማያውቅ ባለአክሲዮንም ድርሻውን ይወስዳል። ድምፁም በአክሲዮኑ ልክ ነው። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ ለማንም አይከፋፈልም። ተመልሶ ለተቋቋመበት ዓላማ ይውላል። ድርጅቱ ቢፈርስ እንኳ የተረፈው ንብረት ለመሥራቾቹ አይደርስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው አንድ ክርክር አለ። ህብረት ሥራ ማህበራትም በአክሲዮን ልክ የትርፍ ድርሻ ይከፍላሉ ይላል። እውነት ነው፣ ይከፍላሉ። ነገር ግን ከተሳትፎ የሚገኘው ድርሻ አብሮት አለ፣ ድምፁም በሰው ቁጥር እንጂ በዕጣ ቁጥር አይቆጠርም። ስለዚህ የክፍፍል ሰነዱን ብቻ አይተሽ አትወስኚ፣ የድምፅ አሰጣጡንም ከመተዳደሪያ ደንቡ እዪ።

ይህን ከያዝሽ ወረቀቱ ቀላል ነው። ቲን እና ንግድ ፈቃድ አትጠይቂ፣ እነሱ አይለዩልሽም። ቲን ደመወዝ የሚከፍል ሁሉ ያወጣል። ንግድ ፈቃድም ህብረት ሥራ ማህበር ሊኖረው ይችላል። የምትጠይቂው ለድርጅቱ ሕጋዊ ሰውነት የሰጠውን የምዝገባ የምስክር ወረቀት ነው። ህብረት ሥራ ማህበራት በአዋጅ 985/2009 መሠረት በህብረት ሥራ አካላት ይመዘገባሉ። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶችን በፌዴራል ደረጃ በአዋጅ 1113/2011 የሚመዘግበው ባለሥልጣኑ ነው። ኩባንያዎቹ ወደ ንግድ መዝገብ ይሄዳሉ፣ ሕጋቸውም የንግድ ሕጉ 1243/2013 ነው።

በብዛት ስህተት የማየው በወጣቶች ማህበራት ላይ ነው። ሰፈር ውስጥ ብሎኬት የሚያመርቱ፣ ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ልጆች አሉ። ታፔላቸው «እገሌ፣ እገሌና ጓደኞቻቸው ህ/ሽ/ማ» ይላል። ይሄ የህብረት ሽርክና ማህበር ነው። መረጃ ሰብሳቢው «ህብረት» የምትለዋን ያይና ህብረት ሥራ ውስጥ ይከተዋል። ሽርክና በንግድ ሕጉ የሚመራ የንግድ ማህበር ነው፣ ለትርፍ የቆመ። አምስት ወጣቶች ትርፉን ለራሳቸው ይካፈላሉ፣ ዕዳም ከመጣ ከኪሳቸው ሊጠየቁ ይችላሉ። የከተማው መንግሥት ሼድ ስለሰጣቸው ወይም ሥራ አጥ ስለነበሩ ምድቡ አይቀየርም። እውነቱን ለመናገር ልጆቹም ራሳቸው ብዙ ጊዜ አያውቁትም። «ህብረት ሥራ ናችሁ?» ብትያቸው አዎ ይሉሻል። ለዚህ ነው በቃል መልስ አትመኚ የምለው።

ሁለተኛው ወጥመድ የገንዘብ ተቋማት ናቸው። የገንዘብ ቁጠባና ብድር ህብረት ሥራ ማህበር በትክክል ህብረት ሥራ ነው። ማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ግን ደንበኞቹ ያው ድሆች ቢሆኑም አክሲዮን ማህበር ነው። አስቸጋሪው የኦሮሚያ ህብረት ሥራ ባንክ ነው። በ1997 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ከባለአክሲዮኖቹ መካከል የገበሬ ህብረት ሥራ ማህበራትና ዩኒየኖች ዋናዎቹ ነበሩ። ስሙም ይመሰክራል። ግን በሕግ ቅርፁ አክሲዮን ማህበር ነው። ባለአክሲዮኑ ገበሬ ማህበር ቢሆንም ድርሻ የሚያገኘው በአክሲዮኑ ልክ እንጂ ከባንኩ ጋር በሠራው ሥራ ልክ አይደለም። ስለዚህ እኔ «ለትርፍ የቆመ» ብዬ እመድበዋለሁ፣ የባለቤትነት ዓምድ ካለሽ ደግሞ «ህብረት ሥራ ማህበራት» ብዬ እጽፋለሁ። ይህን አመዳደብ ወደ ውጭ አገር ባንኮች ሳታስቢ እንዳትወስጂው። የኔዘርላንዱ ራቦባንክ ራሱ ህብረት ሥራ ነው።

በጎ አድራጎት ድርጅት ካፌ ወይም እንግዳ ማረፊያ ሲከፍትም ሰው ይደናገራል። አዋጅ 1113/2011 ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። አንዳንዱ ሥራውን ራሱ ይሠራዋል፣ ሒሳቡን ለይቶ ይይዛል። ያኔ ካፌው የዚያው ድርጅት አካል ነውና መዝገብሽ አንድ፣ ምድቡም ለትርፍ ያልቆመ ነው። ሌላው ግን የተለየ ኃ/የተ/የግ/ማህበር ያቋቁማል ወይም አክሲዮን ይገዛል። ያኔ ሁለት መዝገብ ትከፍቻለሽ። ካፌው ኩባንያ ነው፣ ትርፉን የሚወስደው ባለቤቱ ግን ለትርፍ ያልቆመ ነው። ሁለቱን ከቀላቀልሻቸው የሠራተኛ ቁጥርሽም ይደጋገማል።

ዕድር ካጋጠመሽ፣ አዋጁ ራሱ ዕድርንና ዕቁብን ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅትነት አውጥቷቸዋል። ያም ሆኖ ሦስት ሳጥን ብቻ ካለሽ ዕድርን ለትርፍ ያልቆመ ውስጥ አድርጊው። የሚከፍለው ሐዘን ሲደርስ እንጂ ዓመት ሲዘጋ ትርፍ አካፍሎ አይደለም። ዕቁብን ተይው፣ ተራ ጠብቆ የሚዞር ገንዘብ ነው፣ ድርጅት ብሎ መመዝገቡ ብዙም ትርጉም የለውም።

የቀረው ወረቀቱና ሥራው ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። በህብረት ሥራ ስም ተመዝግቦ ሦስት ሰው የሚያዝበት፣ ጠቅላላ ጉባኤ ከተጠራ ዓመታት ያለፉት፣ አባላቱ ምንም የማይሸጡለት ወይም የማይገዙበት ማህበር ታገኛለሽ። የመጨረሻውን የጉባኤ ቃለ ጉባኤና የክፍፍል ዝርዝሩን ጠይቂ። ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያስረከበው ኪሎ ወይም የገዛበት ብር ከሌለ ተጠራጠሪ። ምድቡን ግን በጥርጣሬ አትቀይሪው። በተመዘገበበት ቅርፅ አስገቢውና ያየሽውን በማስታወሻ ዓምዱ ላይ ጻፊ፤ ሌላ መረጃ ሰብሳቢ ቢሄድበት የሚያገኘው ያንኑ የምስክር ወረቀት ነው።