ሰባተኛው ደረሰኝ፦ ከዴይራ ነጋዴ ጋር ጥያቄና መልስ

ዱባይ ዴይራ ውስጥ የልጆች ልብስ በጅምላ እሸጣለሁ። ለቤተሰብ የምልከውን ገንዘብ በደረሰኝ ፎቶ እንደምከታተል ባለፈው ሳነሳ ጥያቄ ዘነበብኝ። ዛሬ ሱቁ ቀዝቀዝ ብሏል፣ ጠይቁኝ። ደንበኛ ከገባ አቋርጣለሁ።

«ምን አስጀመረሽ? ሰው ዝም ብሎ የደረሰኝ ፎቶ አያነሳም።»

ጠብ ነው ያስጀመረኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ቤት አሠራ ነበር። ሥራውን የሚከታተሉልኝ አጎቴ ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ለሲሚንቶና ለብረት ሰባት ጊዜ ላክሁ። ጋሼ «ስድስት ነው የደረሰኝ» አሉ። እሳቸው በደብተር ይመዘግባሉ። እኔ የምመዘግበው በጭንቅላቴ ነበር።

ደረሰኝ እንዳለኝ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ሁሉንም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የማጠራቅመው። ቆርቆሮው የሚቀመጠው ከሱቁ መስታወት ሥር፣ የከሰዓት ፀሐይ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ስከፍተው ግማሹ ባዶ ነጭ ወረቀት ሆኖ ጠበቀኝ። አንዱ ላይ የቀረው የድርጅቱ ምልክትና «20» የምትል ቁጥር ብቻ ነበረች። ያ ወረቀት ቀለም የለውም፤ ማሽኑ በሙቀት ነው የሚያጠቁረው። ስለዚህ ሙቀትና ፀሐይ መልሰው ያበላሹታል። የፕላስቲክ ቦርሳ ውስጥ ቢከርምም ይደበዝዛል። የእናንተን ለማወቅ በጥፍራችሁ ጫር አድርጉት። ጥቁር መስመር ካወጣ ያው ነው።

እና ወረቀቱ ሲጠፋብኝ ምን አደረግሁ? ስልክ አነሳሁና ለጋሼ «ገንዘቤን በሉብኝ» አልኳቸው። አዎ፣ እንደዛ ነው ያልኩት። ስልኩን ዘጉት።

በሳምንቱ ወደ ላክሁባቸው የገንዘብ መላኪያ ቤቶች ሄድኩ። መታወቂያዬን አይተው የላክሁትን ዝርዝር አወጡልኝ። ሰባተኛው አለ። አጠገቡ ግን «አልተከፈለም» የሚል ነበር። ያን ቀን ቸኩዬ ስለነበር ከለመድኩት ቤት ሳይሆን ከሌላ ነው የላክሁት። የለመድኩት ቤት የጋሼን ስም ከነመታወቂያቸው አጻጻፍ መዝግቦ ይዞታል። አዲሱ ቤት ያለው ልጅ ግን በቃል ስነግረው እንደሰማው ጻፈው። የጋሼ ስም የሚጀምረው በ«ጸ» ነው። አንዱ በሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል፣ ሌላው በአንድ። ጋሼ ባንክ ሄደው «ስሙ አይገጥምም» ተብለው ተመለሱ። ለታናሽ ወንድሜ «ንገራት» አሉት። ወንድሜ ረሳው። ገንዘቡ ከሁለት ወር በላይ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ተሰርዞ ተመለሰልኝ፤ የመላኪያ ክፍያውን ግን አልመለሱልኝም።

«እሺ፣ በተግባር እንዴት ነው የምታነሺው? እኔ ቤሩት ነኝ፣ ስልኬ ላይ አራት ሺህ ፎቶ አለ። እዚያ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።»

እህቴ፣ የእኔም እንደዛው ነበር። ሰርግ፣ የልብስ ናሙና፣ ደረሰኝ፣ ሁሉም አንድ ላይ። አሁን ከመላኪያ ቤቱ መስኮት ሳልርቅ አነሳለሁ። ወረቀቱ ሲታጠፍ ቁጥሩ ይሰበራልና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ አራቱም ጠርዝ እንዲታይ አድርጌ ነው። ከዚያ አጉልቼ ሬፈረንስ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አነጻጽራለሁ። 3 እና 8 ደብዛዛ ፎቶ ላይ መንታ ናቸው። የተቀባዩን ስም ደግሞ ፊደል በፊደል አነባለሁ። ከጋሼ ነገር በኋላ ይቺን አልዘልም። ስህተቱ እዚያው መስኮት ላይ ከተገኘ በደቂቃ ይስተካከላል።

ከዚያ ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልከዋለሁ፣ «የተቀመጡ መልዕክቶች» ወደሚለው ቦታ። ሥሩ አንድ መስመር እጽፋለሁ። ለምሳሌ «እማዬ፣ ነሐሴ 1፣ 1500 ድርሃም፣ ለቤት ወጪ»። በኋላ «እማዬ» ብዬ ስፈልግ የእሷ ብቻ ተደርድሮ ይመጣል። ፎቶ ያለ ጽሑፍ ዋጋ የለውም። በእኔ ልምድ ሥራው ያለው እዚያች አንድ መስመር ላይ ነው።

«ይቅርታ አድርጊልኝና ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፣ በአፕ ነው የምልከው፣ ታሪኩን ራሱ ይይዘዋል። ቀኑ፣ ብሩ፣ ሁሉም አለ።»

ግማሹ ልክ ነህ ወንድሜ። በአንድ አፕ ብቻ ለሚልክ ሰው የእኔ ዘዴ ድግግሞሽ ነው። እኔ ግን ምንዛሬው የተሻለበት ቤት ነው የምሄደው፣ በዓመት ሦስት አራት ቦታ። አንዱ የሌላውን አያውቅም። «ለወንድሜ ትምህርት በጠቅላላ ስንት ወጣ?» ብለህ ብትጠይቅ አንዳቸውም አይመልሱም። አፑ ደግሞ ለምን እንደላክህ አያውቅም። «የቤተሰብ ድጋፍ» ይላል፣ በቃ። እሱ የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው ወይስ የእማዬ ዓይን ሕክምና?

ቀኑ አለ ስላልክ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። የእኔ አንድ ደረሰኝ 07/08/2024 ይላል። እዚህ ቀኑ ይቀድማል፣ ስለዚህ ኦገስት 7 ነው፣ በእኛ ነሐሴ 1 ቀን 2016። እናንተ ጋ ወሩ ይቀድማል፣ ያው ጽሑፍ ጁላይ 8 ይሆናል፣ ሐምሌ 1 ማለት ነው። አሜሪካ ያለችው እህቴና እኔ የእማዬን ወጪ ስንካፈል በዚህ አንድ ወር ሙሉ ተጋጭተናል። ያ ወር ደግሞ ተራ ወር አልነበረም፤ መሃሉ ላይ ብር ተንሳፏል፣ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ለዚህ ነው ከፎቶው ሥር ቀኑን በእኛ አቆጣጠር በፊደል የምጽፈው።

«ጅዳ ሹፌር ነኝ። እናቴ አንዴ "ጨመርክልኝ" አንዴ "ቀነስክብኝ" ትለኛለች። እኔ የምልከው ያው ነው። ፎቶው እዚህ ላይ ምን ይጠቅመኛል?»

ይሄ እኔም ቤት የደረሰ ነው። እኔ የማስበው በድርሃም፣ እማዬ በብር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1500 ድርሃም ላክሁ። ደረሰኙ ላይ አንድ ድርሃም በ15.50 ተመንዝሮ እማዬ እጅ የገባው 23,250 ብር ነው። ነሐሴ ላይ ያንኑ 1500 ላክሁ። በ28 ብር ተመነዘረና 42,000 ሆነ። እማዬ እልል አለች፤ ለጎረቤትም ነገረች። በሚቀጥለው ወር ሱቁ ቀዝቅዞብኝ ስለነበር 1000 ላክሁ፣ 28,000 ደረሳት። እሷ ዘንድ ከ42 ወደ 28 ወርዷል። «ምን አጠፋሁ?» ብላ ደወለች።

ደረሰኙ ላይ ሁለቱም ቁጥር አለ፣ ከነምንዛሬው። ሦስቱን ፎቶ ለወንድሜ ላክሁለትና አጠገቧ ቁጭ ብሎ አነበበላት። «ታዲያ ከሐምሌው ይበልጣል እኮ» አለች። ገባት። የገባት እንኳ ለጊዜው ነው፣ ምክንያቱም የጤፉም ዋጋ ዝም ብሎ አልቆመም። እሱን ደረሰኝ አያስረዳም።

አንተ ሁለቱንም ቁጥር ከፎቶው ሥር ጻፍ። የመላኪያውን ክፍያ ግን ለብቻ። እኔ አንዴ 20 ድርሃም ክፍያና በላዩ 1 ድርሃም ታክስ ከዋናው ጋር ደምሬ 1521 «ላክሁ» እያልኩ ስደምር ከረምኩ። 21ዷ የእኔ ወጪ ናት እንጂ እማዬ አላየቻትም።

«ደረሰኝ ካለ ክርክር የለም በለኛ!»

በይኝ ማለትህ ነው፣ ሴት ነኝ። ክርክርማ አለ። የላኪ ደረሰኝ የሚናገረው ገንዘቡ ከእኔ እጅ መውጣቱን ብቻ ነው። ሰባተኛው ደረሰኝ ያኔ ባይደበዝዝ ኖሮ እሱን አውጥቼ ጋሼን ይበልጥ እወነጅላቸው ነበር። ማስረጃዬ ሙሉ ሆኖ እኔ ስህተት እሆን ነበር ማለት ነው። አሁን ወዲያ ማዶ ያለውንም እጠይቃለሁ። ባንክ ከገባ የባንኩ መልዕክት ስክሪንሾት፣ በእጅ ከተቀበሉ የመክፈያው ወረቀት ፎቶ። ከእኔው ሥር መልስ አድርጌ አያይዘዋለሁ። በሦስት ቀን ካልመጣ እደውላለሁ። መልስ የሌለው ፎቶ ካየሁ አንድ ነገር ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

«አዲስ አበባ ነኝ። ወንድሜ የደረሰኙን ፎቶ ልኮልኛል። ባንክ ሄጄ ፎቶውን ባሳይ ብሩን ይሰጡኛል ማለት ነው?»

አይ፣ እኔ የማወራው ስለ ሒሳብ አያያዝ ነው። አንቺ የሚያስፈልግሽ መታወቂያሽና ፎቶው ላይ ያለው ቁጥር ነው። ስሙ ከመታወቂያሽ ጋር መግጠሙን ከመሄድሽ በፊት አስተያዪ። አንድ ነገር ግን፣ ያንን ፎቶ ለማንም አታስተላልፊ፣ የቤተሰብ ግሩፕ ላይም ቢሆን። ቁጥሩና ስሙ አንድ ላይ ናቸው። እኔ ግሩፕ ላይ የምለጥፈው ገንዘቡ ከተወሰደ በኋላ ነው፣ ቁጥሩን ሸፍኜ።

«እኔ ጆሃንስበርግ ነኝ፣ ሱቅ አለኝ። እውነቱን እንነጋገር፣ እዚህ ብዙዎቻችን በሰው በኩል ነው የምንልከው። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም። ምን ፎቶ ላንሳ?»

አልፈርድብህም፣ እኔም ልኬበታለሁ። ብር ከመንሳፈፉ በፊት በጥቁር ገበያውና በባንኩ ምንዛሬ መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ገደማ ነበር፤ የፈተነው ብዙ ነው። ሕገወጥ መሆኑን ታውቃለህ። ከሒሳቡ አንጻር ብቻ ልንገርህ። የሚደርስህ ፎቶ የማታውቀው ሰው ለእናትህ ሒሳብ ብር ሲያስገባ የሚያሳይ ነው። የአንተ ስም የትም የለም። እዚያ የሰጠኸው ራንድ የትም የለም። ባይደርስ ማንን በምን ትጠይቃለህ? እኔ አንዴ 2000 ድርሃም እንደዛ ቀርቶብኛል፤ ከሰውየው ጋር ያለኝ «እሺ እህት» የሚል አንድ የድምፅ መልዕክት ብቻ ነበር። ለዚህ መንገድ የሚሆን ፎቶ የለኝም። እዚህ ያላችሁ ሌላ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩት።

«ከጋሼ ጋር ታረቃችሁ?»

ይሄን ማን እንደሚጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነበር። ሦስት ወር ስልኬን አላነሱም። እናቴ ሽማግሌ ሆና ገባችበት፤ በስልክ አለቀስኩ፤ «ይቅር ለእግዜር» አሉኝ። ቤቱም ጣሪያ ላይ ደርሷል።

ከዚያ ወዲህ ግን ያልጠየቅኋቸውን ሁሉ ይልካሉ። የሚስማር ደረሰኝ፣ የሠራተኛ ሻይ ያወጡበትን፣ አንዴ የጋሪ ኪራይ በእጅ የተጻፈ። ፎቶ ማንሳቱን ያስተማራቸው ወንድሜ ነው፤ ጣታቸው ሁልጊዜ ጥጉ ላይ ይታያል። ባለፈው ሳምንት የደብተራቸውን የድሮ ገጽ አንስተው ላኩልኝ። ስድስቱ መስመር በሰማያዊ ተጽፏል። ሰባተኛው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ያልደረሰ» ይላል። ሥሩ ምንም አልጻፉም።

ደንበኛ ገባ፣ መጣሁ።