ደብዳቤው የሚናገረው ከሰው ጋር ነው ወይስ ከመሥሪያ ቤት ጋር?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ትርጉም ቤት ተቀጥሬ መስራት ከጀመርኩ ገና ነኝ። ዱባይ ያለ ጎማ ሻጭ ኩባንያ አዲስ አበባ ላለ አስመጪ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ያልተከፈለ ሒሳብ የሚጠይቅ ደብዳቤ እየተረጎምኩ ነው። "ዩ" የሚለውን አንዴ እርስዎ አንዴ እናንተ እያልኩ ተምታታብኝ፣ "ዲር ሚስተር ከበደ" የሚለውንም "ውድ አቶ ከበደ" ልበለው? ቃሉ ደሞ ጠንከር ያለ ነው፣ አለሳልሼ ትርጉሙን እንዳላበላሽ ፈራሁ፣ እንዳለ ባስቀምጠው ደሞ ስድብ ይመስላል። ምን ላድርግ? (ጀማሪዋ ተርጓሚ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የምትወስኚው "ዩ"ን አይደለም፣ "ለ" ብለሽ የምትጀምሪውን መስመር ነው። እንግሊዝኛው አንድ ሰው ስም ጠርቶ "ዲር" ስላለ ብቻ ደብዳቤው ለዛ ሰው ተጻፈ ማለት አይደለም። እዳው የማን ነው ብለሽ ጠይቂ። ጎማውን ያዘዘው ኃላፊነቱ የተወሰነው የግል ማኅበር ነው፣ ሰውየው ሥራ አስኪያጅ ነው እንጂ ባለዕዳ አይደለም። በኛ ሀገር የቢሮ ልማድ እንዲህ ያለ ደብዳቤ "ለእገሌ ኃ/የተ/የግ/ማኅበር፣ አዲስ አበባ" ተብሎ ለድርጅቱ ይጻፋል፣ ከዛ "ጉዳዩ፡-" ይመጣል፣ ከዛ በቀጥታ ወደ ነገሩ። "ለ" ያልሽው ለድርጅት ከሆነ አካሉ በሙሉ "ድርጅታችሁ፣ እንድትልኩልን፣ ደብዳቤው ከደረሳችሁ" እያለ ይሄዳል። ለሰው ከሆነ ደሞ፣ ለምሳሌ "ለአቶ አበበ ከበደ፣ የእገሌ ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ" ካልሽ፣ እስከ መጨረሻው "እንዲልኩልን፣ ከደረስዎ" ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ስህተቱ መሀል መንገድ ላይ መቀየር ነው፣ እሱ ነው አንቺን ያምታታሽ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፈረንሳይኛ የሚያውቁ ሰዎች ለአንድ ሰው በብዙ ቁጥር መናገር አክብሮት ነው ብለው ያስባሉ፣ በፈረንሳይኛ ልክ ነው፣ በአማርኛ ግን "እናንተ" ብዙ ሰው ነው በቃ። ለአቶ አበበ ብቻ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ "ክፍያውን አልፈጸማችሁም" ካልሽ አከበርሽው ማለት አይደለም፣ አንተና ሰዎችህ ማለትሽ ነው። የኛ አክብሮት የሚመጣው ግሱን "እነሱ" በሚለው አረባብ በማስኬድ ነው፦ ላኩ፣ ይልካሉ፣ ይላኩ። በተቃራኒው ደሞ ለድርጅት በተጻፈ ደብዳቤ ውስጥ "ድርጅትዎ" ካልሽ አንባቢው የማን ድርጅት ብሎ ይጠይቃል፣ የተጠራ ሰው የለማ። ("አንቱ"ን በተመለከተ የጠየቀኝ ሌላ ሰው ነበር፣ ገጠር ላይ ለሽማግሌና ለቄስ አሁንም ይባላል፣ የሚያምር ቃል ነው፣ የቢሮ ደብዳቤ ውስጥ ግን ቦታ የለውም።)

አሁን ደሞ መርጠሽ እርስዎ ካልሽ ተጠንቀቂ የምልሽ ነገር ይሄ የግስ አረባብ ነው፣ ምክንያቱም እርስዎ፣ እሳቸው እና እነሱ ባለቤት ሲሆኑ ግሱ አንድ አይነት ነው። እንግሊዝኛው "ከወኪላችን ጋር በተነጋገራችሁበት ጊዜ ሰነዱን እንደምትልኩ ገልጻችሁ ነበር" የሚል ሀሳብ ቢኖረውና አንቺ "ከወኪላችን ከአቶ እገሌ ጋር ሲነጋገሩ ሰነዱን እንደሚልኩ ገልጸው ነበር" ብለሽ ብትጽፊው፣ ሰነዱን እልካለሁ ያለው ማነው? አቶ አበበ ነው ወይስ ወኪሉ? ሁለቱንም አክብረሻል፣ ሁለቱም "ይልካሉ"። ነገ ክርክር ቢነሳ ይሄ ዓረፍተ ነገር ለሁለቱም ወገን ጠበቃ ሲሳይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ በግሱ ላይ ብቻ አትተማመኚ፣ ቅጥያው ይለያቸዋልና እሱን ተጠቀሚ። "ደብዳቤዎ" የእርስዎ ነው፣ "ደብዳቤያቸው" የሌላ ሰው ነው፣ "ልከንልዎታል" እና "ልከንላቸዋል" አይምታቱም። ስለዚህ "ሰነዱን እርስዎ እንደሚልኩ ለወኪላችን ገልጸውላቸው ነበር" ብትዪ ማን ለማን እንዳለ ይታወቃል። ለድርጅት ከጻፍሽ ግን ይሄ ችግር ከሥሩ ይጠፋል፣ "እንደምትልኩ ገልጻችሁ ነበር" ነው፣ ወኪሉ "ይልካሉ" ሲባል እናንተ "ትልካላችሁ"። እኔ ገንዘብና ቀነ ገደብ ባለበት ደብዳቤ ለድርጅቱ መጻፍ ይሻላል የምለው ግማሹ ምክንያቴ ይሄ ነው።

ስሙ ላይ ልለፍ። "ሚስተር ከበደ"ን "አቶ ከበደ" ካልሽው የሰውየውን አባት ነው የጠራሽው። ፈረንጅ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል፣ በኛ ግን የአባት ስም ስለሆነ "አቶ አበበ" ወይም ሙሉውን "አቶ አበበ ከበደ" ነው የሚባለው። ወንድ ሲሆን ስህተቱ ብዙ አይታይም፣ ሴት ስትሆን ግን "ወ/ሮ ከበደ" ተብሎ ይወጣና አንባቢው ደብዳቤውን ማንበብ አቁሞ መሳቅ ይጀምራል። ሙሉ ስሙ ከሌለሽ ላኪውን ጠይቂ። የእንግሊዝኛው "ሚዝ" ያገባች ያላገባች አይልም፣ የኛ ወ/ሮ እና ወ/ሪት ግን ይላል፣ ስለዚህ ካላወቅሽ አትገምቺ፣ "ለፋይናንስ መምሪያ ኃላፊ" ብለሽ በሥራ መደቧ ጥሪያት። እርስዎ ደሞ ወንድና ሴት ስለማይለይ የቀረው አካል ምንም አይቸግርሽም።

"ዲር"ን ጣዪው። "ውድ ደንበኛችን" የሚባለው ባንክ ወይም ቴሌ ለሁሉም ሰው በጅምላ በሚልከው መልእክት ላይ ነው፣ ዕዳ በሚጠይቅ ደብዳቤ ላይ "ውድ አቶ አበበ" ማለት ግን የወዳጅ ደብዳቤ መስሎ ጀምሮ ወደ ክስ መሄድ ነው። "በመልካም ጤንነት ላይ እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ" የሚለውንም እንደዚሁ፣ ካስፈለገ "በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን" የሚል የቢሮ አባባል አለ፣ ባይኖርም ማንም አይቀየምም።

ወደ ዋናው፣ ጠንከር ማለቱ ጋ። አንቺ ያስጨነቀሽ እንግሊዝኛው "ዩ ሃቭ ፌይልድ ቱ ፔይ" ስለሚል ነው አይደል? ይሄን "መክፈል አቅቷችኋል" ወይ "ሳትከፍሉ ቀርታችኋል" ብትዪው በአማርኛ ጣት መቀሰር ይሆናል፣ እንግሊዝኛው ላይ ግን ተራ የቢሮ ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ ባለቤቱን ሰው ከማድረግ ክፍያውን አድርጊው፣ "ክፍያው እስካሁን አልተፈጸመም"። ሀቁ አልተለወጠም፣ ከሳሽነቱ ብቻ ነው የወረደው። ፕሊስንም "እባክዎ" አትበዪው፣ "እባክዎ ይክፈሉ" ካሸር መስኮት ላይ የሚለጠፍ ነው ወይ ደሞ ልመና ነው። በቢሮ አማርኛ ፕሊስ የሚገባው ማሰሪያው ግስ ውስጥ ነው፣ "እንዲፈጸም በአክብሮት እንጠይቃለን"።

የማሰሪያ ግሶቹ ደረጃ አላቸው፣ ቢሮ የሰራ ሰው ሁሉ በጆሮው ያውቀዋል። "እንጠይቃለን" የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። "እናሳስባለን" ከዚህ በፊት ነግረንሃል የሚል ነገር አለው፣ አለቃ ለበታቹ የሚጽፍበትም ስለሆነ እኩያ ድርጅት ላይ ያለ ምክንያት አትጣዪው። "እናስጠነቅቃለን" ከኋላው ፍርድ ቤት አለ። እንግሊዝኛው ላይ ይሄ ስንተኛ ደብዳቤ እንደሆነ ፈልጊ፣ ቀደም ያለ ደብዳቤ ከጠቀሰ "እናሳስባለን"፣ ካልጠቀሰ "እንጠይቃለን"።

ግን እንዳታለሳልሺው የፈራሽው ፍርሀት ልክ ነው፣ ይሄን በጣም አጥብቄ ነው የምነግርሽ። ውሉ በኢትዮጵያ ሕግ የሚዳኝ ከሆነ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 ላይ ተዋዋይ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ከመከራከሩ በፊት ሌላውን ወገን ግዴታህን ፈጽም ብሎ ማስጠንቀቅ አለበት ይላል፣ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ደሞ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ መጠየቂያ ሊሆን እንደሚችልና ጊዜ ሊወሰንበት እንደሚቻል ይናገራሉ። ማለትም ያ ደብዳቤ እንዲያው ወሬ ላይሆን ይችላል፣ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አክብሮቱ አቀራረቡን ያለዝብ እንጂ ሦስቱን ነገሮች እንዳይነካ፦ ስንት ብር እንደሆነ፣ እስከ መቼ፣ ካልሆነ ምን እንደሚከተል። "በ15 ቀን ውስጥ" የሚለውን "በተቻለ ፍጥነት" ካልሽው ጨዋ አልሆንሽም፣ ደንበኛሽን ቀነ ገደብ አሳጣሽው።

ደብዳቤሽ ቀደም ያለ ማስታወሻ ጠቅሷል ብለን እንዲህ ይወጣል፦

ጉዳዩ፡- ያልተከፈለ ሒሳብን ይመለከታል

ድርጅታችሁ ከድርጅታችን ለገዛው ጎማ በተላከው ኢንቮይስ መሠረት የክፍያው ቀን ካለፈ 60 ቀን ሆኖታል። ከዚህ ቀደም በደብዳቤ የጠየቅን ቢሆንም ክፍያው እስካሁን አልተፈጸመም። ስለሆነም ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ክፍያው እንዲፈጸም እያሳሰብን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካልተፈጸመ ግን ቀጣዩን ጭነት ለማቆም የምንገደድ መሆኑን እንገልጻለን። ክፍያውን ቀደም ብላችሁ ፈጽማችሁ ከሆነ የባንክ ማስረጃውን እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር

የኢንቮይሱን ቁጥርና የገንዘቡን መጠን ከእንግሊዝኛው አስገቢበት። "የምንገደድ" የሚለውን አስተውዪ፣ ጭነት ማቆሙ የኛ ፍላጎት ሳይሆን ሁኔታው ያመጣው እንደሆነ ይናገራል፣ ግን ማቆሙን አያስቀርም። እንግሊዝኛው ላይ "አይ" እያለ የጻፈው አንድ ሰው ቢሆንም በኛ ማኅተም የሚያርፍበት ደብዳቤ "እኛ" ነው የሚለው፣ ስሙና ፊርማው ከታች ይምጣ።

ኩባንያው ይሄንኑ ለአቶ አበበ በግል ኢሜል ልላክ ካለሽ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ "ሰላም አቶ አበበ" ብለሽ ጀምሪ፣ ሙሉ በሙሉ እርስዎ አድርጊው፣ "ጉዳዩ" የሚለው ወደ ኢሜሉ ርዕስ ይሂድ፣ "እያሳሰብን"ም "እየጠየቅን" ይሁን፣ ማሳሰቢያው በድርጅቱ ስም በደብዳቤ ሄዷልና። 15 ቀኑ ግን ኢሜሉም ላይ ይጻፍ።