ዪልዱ ከፍ ያለው አክሲዮን ይሻላል?

ጥያቄ፦ «ከአክሲዮን ቋሚ ገቢ ፈልጌ ነው። አንዱ ዪልዱ፣ ማለትም የዓመት ክፍያው ከአክሲዮኑ ዋጋ ሲሰላ፣ 5 በመቶ ነው፣ ሌላው 12። ፔይአውት ሬሾውን፣ ማለትም ከትርፉ ስንት በመቶው እንደሚከፋፈል፣ እይ የሚሉኝም አሉ። የቱን ልከተል?»

ወንድሜ፣ 12ቱን ለመግዛት አትቸኩል። እኔ ከዚህ ዓይነቱ አክሲዮን በጊዜ የወጣሁ ሰው ነኝ።

1. መጀመሪያ ዪልዱ ለምን ከፍ እንዳለ እይ። ክፍያው አድጎ ነው ወይስ ዋጋው ወርዶ? እኔ አክሲዮን የነበረኝ ድርጅት በአንድ አክሲዮን በዓመት 6 ብር ያከፋፍል ነበር። ዋጋው 100 ብር ስለነበር ዪልዱ 6 በመቶ ነው። ዋጋው 50 ሲገባ ዪልዱ 12 ሆነ። ድርጅቱ ግን አንዲት ሳንቲም አልጨመረም። ገበያው ያን ክፍያ ስላላመነው ነው ዋጋው የወረደው። ሰው ግን 12 የሚለውን አይቶ ይሻማ ነበር።

2. ፔይአውቱን ራስህ አስላ፤ ድርጅቱ የሚያወጣውን ቁጥር እንዳለ አትቀበል። በዚያ ዓመት በአንድ አክሲዮን 8 ብር አተረፍን አሉ። ከ8 ላይ 6 መክፈል 75 በመቶ ነው፣ ያን ያህል አያስደነግጥም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሥራው ቀዝቅዞ ትርፉ እንዴት 8 እንደደረሰ ግን አልገባኝም። የባለአክሲዮኖች አገልግሎት ክፍል ደውዬ ጠየቅኩ። የመለሰችልኝ ሠራተኛ «ክፍያህ እየደረሰህ አይደል? ታዲያ ምን ጎደለህ?» ብላ ዘጋችብኝ። የድርጅቱ ባለቤት እኮ እኛ ነን! እስካሁን ያናድደኛል።

መልሱን ከሒሳብ መግለጫው ጀርባ ካሉት ማብራሪያዎች ውስጥ አገኘሁት። ከ8 ብሩ ውስጥ 4ቱ የመጣው ከሕንጻ ሽያጭ ነው። ሕንጻ ደግሞ በየዓመቱ አይሸጥም። ከዋናው ሥራ የተገኘው 4 ብር ብቻ ነው፤ ከ4 ላይ 6 ሲከፈል ፔይአውቱ 150 በመቶ ይሆናል። የዚያኑ ሳምንት ሸጥኩ። በቀጣዩ ዓመት ክፍያው ወደ 2 ብር ወረደ። በ50 የገዙት ሰዎች 12 በመቶ ጠብቀው 4 በመቶ አገኙ፣ ዋጋውም እንደገና ወደቀባቸው።

ስለዚህ 5 በመቶ የሚከፍለው ድርጅት ከዋናው ሥራው የሚያተርፈው የሚከፍለውን እጥፍ ከሆነ፣ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ትርፉ በግማሽ ቢወርድ እንኳ ክፍያውን ይሸፍናል። ግን የአንድ ዓመት ብቻ አይተህ አትወስን፤ የአራት አምስት ዓመቱን ደርድረህ እይ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድርጅቱ ሕንጻ አከራይ ከሆነ ፔይአውቱ ከ100 ማለፉ ብቻውን አያስፈራህ። የሕንጻ እርጅና እንደ ወጪ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል እንጂ በዚያ ዓመት ከካዝና የሚወጣ ገንዘብ የለም። እንዲህ ሲሆን የገንዘብ ፍሰት መግለጫውን ክፈት። ከሥራ የገባውን ጥሬ ገንዘብ ውሰድ፣ ለትልልቅ ጥገናና ለቋሚ ዕቃ ግዢ የወጣውን ቀንስ፣ የተረፈውን ከተከፋፈለው ጋር አስተያይ። የተከፋፈለው በልጦ ካገኘኸው ልዩነቱ ከብድር፣ ከቁጠባ ወይም እንደ ንብረት ሽያጭ ካለ ሌላ ምንጭ ነው የመጣው።